አራሶቹ ያልተጻፉበት በጀት

የኔአለም ዋለ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ «አለኝታ ለወላድ» በሚባል ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰባት ዓመት ሂሳብ ሠርታለች። ድርጅቱ አምስት ሠራተኞች አሉት። ቢሮው ከአንድ ነጋዴ የተከራዩት ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ሥራ አስኪያጁ አቶ አድማሴ፣ በሌላው የኔአለም፣ ካዝናውና የፋይል መደርደሪያው። ዋና ሥራቸው ከከተማው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሾላ ሜዳ ጤና ጣቢያ ግቢ ያለውን የእናቶች ማቆያ መደገፍ ነበር።

ያ አገር ገደል ይበዛዋል። ምጥ ከጀመረ በኋላ ሴትን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ብዙ ጊዜ ሳይደረስ ይቀራል። ስለዚህ የመውለጃቸው ወር የገባ ሴቶች ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው መጥተው ማቆያው ውስጥ ይቀመጣሉ። ጤና ጣቢያው ቤቱንና አዋላጇን ይሰጣል፤ ምግቡን፣ ፍራሹንና የቃሬዛ ተሸካሚውን ወጪ «አለኝታ» ይሸፍናል። ገንዘቡ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ካለ አንድ ለጋሽ ድርጅት ነው።

የኔአለም ይህን ሥራ የምትወደው ለደመወዙ አልነበረም። የወንድሟ ሚስት በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ላይ ሳለች፣ ከጤና ጣቢያው በታች ባለው ወንዝ ዳር ነው ያረፈችው። የኔአለም ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከኋላ ነጠላ ይዛ ስትከተል ነበር። በኋላ ታላቅ እህቷ አልታዬ ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት እየሠራች በላከችው ብር ደሴ ኮሌጅ ገብታ ሂሳብ ተማረች። ስትመረቅ አባቷ አቶ ዋለ፣ «እንግዲህ የሰው ብር ነውና የምትይዢው፣ እጅሽን እንደ ቄስ እጅ አድርጊው» ብለው መከሯት። እሷም እንዳሏት አደረገች። በሰባት ዓመት ውስጥ ካዝናዋ ሲቆጠር አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለሃያ አራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ሊሰጥ ታቅዶ ነበር። ከበጀቱ ትልቁ ርዕስ ይኸው ሥልጠና ነው፤ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ተይዞለታል። የኔአለም ለአበሉና ለትራንስፖርቱ የሚሆነውን ከባንክ አውጥታ ካዝና ውስጥ አስገባች፤ አዳራሹን ተከራየች፤ ከደሴ ለሚመጣው አሠልጣኝም ቅድሚያ ከፈለች፤ ሁለቱ ዘጠና ስድስት ሺህ ብር ፈጁ። ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተዘጋ። ማን ዘጋው የሚለውን እዚያ አገር ያለ ሰው ጮክ ብሎ አይናገርም። ተዘጋ ይላል፣ ይበቃዋል። መኪና ቀረ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ስልክም አንዳንድ ቀን ብቻ ይሠራ ጀመር። ባንኩ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰነበተና ጭራሹን ዘጋ።

መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ገበሬ ከሾላ ሜዳ በእግሩ መጥቶ ቢሮው ደረሰ። ከኮቱ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የላከችው አዋላጇ ሰብሌ ናት። ሰብሌና የኔአለም በሥራ ተገናኝተው እንደ እህት የሚተያዩ ሴቶች ናቸው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦

«የኔ፣ እንደምን አለሽ። ማቆያው የተሠራው ለአሥራ ስምንት ሰው ነው፤ አሁን አርባ አንድ ነን። የወለዱት መሄድ አልቻሉም። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንገዱን ፈርተው አራስ ሆነው እዚሁ ተቀምጠዋል። ያልወለዱት ደግሞ መምጣታቸውን አላቆሙም። አስታማሚዎቻቸውም አሉ። እህሉ የቀረው ለአራት ቀን ነው። ምን ላድርግ?»

የኔአለም ወረቀቱን ይዛ ወደ አቶ አድማሴ ክፍል ገባች። አቶ አድማሴ ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና መልሰው አጠፉት።

«ለምግብ ምን ቀርቶናል?» አሉ።

«ለዓመቱ ከተያዘው ሦስት መቶ አሥር ሺህ፣ ሦስት መቶ ሺው ወጥቷል ጋሼ። እህሉ ከመጋቢት ወዲህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

«የሥልጠናው ብር ግን ካዝና ውስጥ ነው።»

«አለ። ግን እሱ የሥልጠና ነው።»

ውሉን አወጣች። ከለጋሹ ጋር የተፈረመው ውል በአሥራ አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ከአንድ የበጀት ርዕስ ወደ ሌላው ገንዘብ ሲዛወር፣ ወጪው ከተፈቀደው ከአሥር በመቶ በላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ መገኘት አለበት። አቶ አድማሴ አንቀጹን አውቀውት ሳለ ደግመው አነበቡት።

«ጠይቂ እንግዲህ» አሉ። «በምን እንደምትልኪው ግን አላውቅም።»

የኔአለም የፈቃድ መጠየቂያውን በዚያው ቀን ጻፈች። አቶ አድማሴ ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ከዚያ በወር አንድ ጊዜ በሽተኛ ይዞ እንዲያልፍ የተፈቀደለት አምቡላንስ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ አብሮ ለሚሄደው ነርስ ሰጠችው። ፎቶ አንስቶ ደሴ ካለ ኢንተርኔት ቤት በድርጅቱ ኢሜይል እንዲልክላት የለጋሹን አድራሻና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በወረቀት ጻፈችለት። ነርሱ በሦስተኛው ቀን፣ ስልክ ለግማሽ ሰዓት ሲመጣ፣ «ልኬዋለሁ፣ ሄዷል» አላት።

ዘጠኝ ቀን ጠበቁ። ድርጅቱ ኢሜይሉን የሚከፍትበት መንገድ አልነበረውም፤ ለጋሹም ስልክ አልደወለም። በመሀሉ ሰብሌ ሁለተኛ ወረቀት ላከች። ሴቶቹ በቀን አንድ ጊዜ እየበሉ ነው፤ አንዷ አራስ ወተቷ ነጥፏል።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አቶ አድማሴ ወደ የኔአለም ክፍል መጥተው ቆሙ። ወትሮ እሷን ወደ ራሳቸው ክፍል ነበር የሚያስጠሯት።

«አውጪው» አሉ።

«ቃለ ጉባኤ እንያዝ ጋሼ።»

«ያዢ። እኔ እፈርማለሁ።»

ቃለ ጉባኤውን አምስቱም ሠራተኞች ፈረሙበት። የኔአለም ከዚያ ወደ እህል በረንዳ ሄደች። ሳዲቅ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ለድርጅቱ ድሮም እህል ይሸጣሉ። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይትና የአጥሚት ዱቄት ጠየቀቻቸው።

«እህሉ አለ ልጄ» አሏት። «ግን ዋጋው እኔንም ያሳፍረኛል። እኔም በዚያ ዋጋ ነው ያገኘሁት፣ ወላሂ።»

«ዋጋውን እከፍላለሁ አያ ሳዲቅ። ደረሰኝ ነው ችግሬ።»

«ደረሰኙ በሰኔ አለቀ። ሌላ ለማሳተም ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ተዘግቷል። በእጄ እጽፍልሻለሁ፣ አውራ ጣቴንም አደርግበታለሁ። ከዚህ በላይ ምን አለኝ?»

«ለነጮቹ አይበቃም።»

«አብሽሪ» አሉ ሳዲቅ። «ነገሩን ሲሰሙ ይገባቸዋል። እነሱም ከእናት ነው የተወለዱት።»

የመጀመሪያው ዙር እህል በስድስት አህያ ተጭኖ ወረደ። የኔአለም አብራ ሄደች፤ ርክክቡን ራሷ ማየት ነበረባት። ማቆያው ውስጥ ስትገባ ሴቶቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተኝተው አገኘቻቸው፤ በፍራሾቹ መካከል እግር ማስቀመጫ አልነበረም። ስም እየጠራች መዘገበች። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አስታማሚ ብላ በሦስት ዓምድ ለየቻቸው። አሚራ የምትባል ከወንዝ ማዶ የመጣች ወጣት መንታ ወልዳ ሃያ ስድስት ቀኗ ነበር። ስትመዘገብ አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ ከወለድኩ ቆየሁ እኮ። የሰው ድርሻ እየበላሁ ነው አይደል?» አለቻት።

«የለም፣ ብዪ» አለቻት የኔአለም። ከዓመት በኋላም ይህን መልሷን ታስታውሰዋለች፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ እውነት መስሏት ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ ሰባት ሳምንት ቆየ። ከዚያ እንደ ተዘጋው ሁሉ አንድ ጠዋት ተከፈተ። ሴቶቹ በቡድን በቡድን ወደየቤታቸው ሄዱ። ከአርባ አንዱም ሆነ በኋላ ከመጡት አንዲት እናት አልሞተችም። ሁለት ሕፃናት ሞተዋል፤ ሰብሌ እንደምትለው ሁለቱም በምግብ ምክንያት አይደለም።

ጥቅምት ላይ ዓመታዊው የሂሳብ ሪፖርት መላኪያ ቀን ደረሰ። ኢንተርኔት ተመልሶ ነበርና የኔአለም በመጀመሪያ ያደረገችው የድርጅቱን ኢሜይል መክፈት ነው። ከተከማቹት መልእክቶች መሀል በሐምሌ መጨረሻ የመጣ አንድ አጭር ጽሑፍ አገኘች። የላኩት ደብዳቤ አልደረሰም ይላል፤ አድራሻው አገልግሎት አይሰጥም። ነርሱ ደብዳቤውን የላከው እሷ በሰጠችው አድራሻ ነው። የአድራሻው ባለቤት፣ ከለጋሹ ዋና መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሲጻጻፏት የነበረችው ሴት፣ ግንቦት ላይ ሥራ ለቃ ኖሯል። መልቀቋን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሁሉም አጋር ድርጅቶች ተልኳል፤ ለ«አለኝታ» የተላከው ደግሞ በማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

የኔአለም ሁለቱንም አተመቻቸውና ፋይል ውስጥ አስገባቻቸው።

ሰንጠረዡን መሥራት አልከበዳትም። የዓመቱ በጀት አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ነበር፤ የወጣው አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ። በድምሩ አሥራ ሰባት ሺህ ብር ተርፏል። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ አልነበረም። ለሥልጠና ከተያዘው አራት መቶ ሰማንያ ሺህ የወጣው ያ የአሠልጣኙና የአዳራሹ ዘጠና ስድስት ሺህ ብቻ ነው። ለምግብ ከተያዘው ሦስት መቶ አሥር ሺህ ይልቅ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ወጥቷል፤ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ብልጫ። ለቃሬዛና ለበሽተኛ ማጓጓዣ ከመቶ ሃምሳ ሺህ ይልቅ ሁለት መቶ አራት ሺህ። የፍራሹ በስድስት ሺህ ብቻ አለፈ፣ እሱ ከአሥር በመቶ በታች ስለሆነ አያስጠይቅም። ደመወዙ እንደ ተያዘው ነው።

የከበዳት ከሪፖርቱ ፊት የሚሄደው ደብዳቤ ነው። ለጋሹ ከሪፖርቱ ጋር ሸኚ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ልዩነት ባለበት ርዕስ ሁሉ ምክንያቱ አንድ በአንድ መገለጽ አለበት።

አቶ አድማሴ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብበው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔአለም፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ካልተስማማሽ ዳግም አታንሺብኝ። ሥልጠናው ተደርጓል ብንልስ? ኤክስቴንሽኖቹ ያን ጊዜ ሲሠሩ ነበር፤ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ሴቶችን ሲያመጡ። አበል ይገባቸው ነበር። የአበል መቀበያው ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ምግቡ ደግሞ የሥልጠና መስተንግዶ ይሆናል። ልዩነት የሚባል ነገር አይኖርም።»

የኔአለም አልደነገጠችም። በዚያ ሙያ ውስጥ ሆኖ ይህን ሐሳብ ያልሰማ የለም።

«ይፈርማሉ?» አለች።

«ጠይቄ ነበር። ይፈርማሉ።»

ሁለት ቀን አሰበችበት። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው፤ የአንደኛዋን ስም ጽፋበትም ነበር። ሾላ ሜዳ የመዘገበቻቸው ሴቶች ስም ያለበት ደብተር ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ገንዘብ ላይ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ይኸኛው ከተላከ ያኛው መቀደድ አለበት። አርባ አንዱ ሴቶች በዚያ ክረምት የትም እንዳልነበሩ፣ ምንም እንዳልበሉ ሊሆን ነው። በሦስተኛው ቀን ቅጹን ለአቶ አድማሴ መለሰችላቸው።

«አልቻልኩም ጋሼ።»

«ፈራሽ?»

«እሱም አለ። ኦዲተር ሃያ አራት ሰው ለየብቻ ቢጠይቅ አንዷ ትሳሳታለች። ግን እሱ ብቻ አይደለም።»

አቶ አድማሴ ቅጹን ሁለት ቦታ አጥፈው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «እንግዲያው እንደ ሆነው ጻፊው» አሉ። «እኔም እንደ ሆነው እፈርማለሁ።»

እንደ ሆነው መጻፍ ግን ቀላል አልሆነም። መንገዱን ማን እንደ ዘጋው መጻፍ አይቻልም፤ ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። «በጸጥታ ችግር ምክንያት» ብላ አለፈችው። ከዚያ ደግሞ አራስ የሚለው ቃል መጣ። ደብዳቤው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአራስ አንድ ቃል አጣችለት። መዝገበ ቃላት ፈለገች፣ ሰብሌን ጠየቀቻት፤ ያገኘችው የሐኪም ቤት ቃል ነው፣ የተኛችውን ሴት አያሳይም። ይባስ ብሎ፣ በጀቱን ስታየው የምግቡ ርዕስ መግለጫ «መውለጃቸው ለደረሰ ነፍሰ ጡር እናቶች» ይላል። አራስ የሚል የለበትም፤ አስታማሚም የለበትም። በጀቱን ከሁለት ዓመት በፊት ያዘጋጀችው ራሷ የኔአለም ናት። ያኔ ሴቶቹ በወለዱ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ፣ አራስ ብሎ መጻፍ ለማንም አልታሰበም።

በአምስተኛው ረቂቅ ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ የዓመታዊ የሂሳብ ሪፖርት መላክንና የበጀት ልዩነት ማብራሪያን ይመለከታል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዓመቱን የሂሳብ ሪፖርት፣ የባንክ መግለጫና ማመሳከሪያ፣ እንዲሁም የወጪ ሰነዶችን ዝርዝር ልከናል። ጠቅላላ ወጪያችን ከተፈቀደው በጀት አላለፈም። በሦስት ርዕሶች ግን ከአሥር በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ታይቷል።

ሥልጠና፣ ሰማንያ በመቶ ዝቅ ያለ፦ መንገዱ በጸጥታ ችግር ምክንያት በመዘጋቱ ሠልጣኞችና አሠልጣኙ ሊገኙ አልቻሉም። የወጣው ለአዳራሽ ኪራይና ለአሠልጣኙ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ አሠልጣኙ በቀጣዩ ዓመት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለማሠልጠን ተስማምተዋል።

የእናቶች ምግብ፣ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ከፍ ያለ፦ ማቆያው ለአሥራ ስምንት ሰው ተዘጋጅቶ ሳለ ለሰባት ሳምንት በአንድ ጊዜ እስከ አርባ አንድ ሰው ይዞ ቆይቷል። የወለዱ እናቶች ወደ ቤታቸው መመለስ አልቻሉም። የእህል ዋጋም በዓመቱ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ተቃርቧል። የሁሉም ሰዎች ስምና የቆዩበት ቀን በአባሪ ሦስት ተያይዟል።

የሕሙማን ማጓጓዣ፣ ሠላሳ ስድስት በመቶ ከፍ ያለ፦ ተሽከርካሪ ባለመኖሩ በሙሉ በሰው ሸክም ተሠርቷል።

ቅድመ ፈቃድ ለመጠየቅ ደብዳቤ ጽፈን ልከናል፤ አድራሻው ተቋርጦ ስለነበር አልደረሰም፣ ማስረጃው በአባሪ አራት አለ። ወጪው ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ እንዳላገኘን እናምናለን፤ ወደ ኋላ ተመልክታችሁ እንድትፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው ከተላከ በሦስተኛው ሳምንት ምስክር ደወለ። ምስክር አዲስ አበባ ባለው የለጋሹ ቅርንጫፍ ቢሮ የሂሳብ ሪፖርቶችን የሚመረምር ሰው ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ግን ብዙ ጊዜ ተነጋግረዋል፤ ጨዋ ነው።

«ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ» አላት። «ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል። ግን የኔአለም፣ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ሁለት መቶ አሥራ ምናምን ሺህ ብር ነው።»

«የሳዲቅ ነው። የማሳተሚያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ተዘግቶ ነበር።»

«ገብቶኛል። መግለጫው ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡር ይላል። አንቺ አባሪ ሦስት ላይ አራስና አስታማሚ ብለሽ ለየብቻ አስቀምጠሻቸዋል። ባትለዪያቸው ኖሮ...»

ንግግሩን ቆረጠው። የኔአለምም ቀሪውን አልጠየቀችውም።

«ምን ይሻላል?» አለችው።

«ለዋናው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ሐሳብ ጽፌ እልካለሁ። የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። እነሱንም የሚመረምራቸው ኦዲተር አለ። ገንዘቡ የግብር ከፋይ ነው። ክፋት አይደለም የምልሽ።»

«ክፋት አላልኩም።»

መልሱ በታኅሣሥ መጀመሪያ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሠራተኞቹ በአስቸጋሪ ሁኔታ ላሳዩት ትጋት ከፍ ያለ አክብሮት ይገልጻል። ከዚያ ውሳኔው ይቀጥላል። የማጓጓዣው ብልጫ የድንገተኛ አደጋ ባሕርይ ስላለው ተቀባይነት አግኝቷል። የምግቡ ግን፣ ከተፈቀደው አሥር በመቶ በላይ ያለው ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ ብር፣ ቅድመ ፈቃድ ስላልተገኘበትና ተጠቃሚዎቹ በከፊል በበጀቱ መግለጫ ስላልተካተቱ ተቀባይነት የለውም። ይህ ገንዘብ ለቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሊላክ ከታሰበው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ ይቀነሳል።

የኔአለም በራሷ ወረቀት ቀነሰችው። ሰባ አራት ሺህ። ከዓመቱ የተረፈው አሥራ ሰባት ሺህ ሲጨመርበት ዘጠና አንድ ሺህ።

አቶ አድማሴ ደብዳቤውን አንብበው መለሱላት። «ይግባኝ አለው?» አሉ።

«በሠላሳ ቀን ውስጥ።»

ጻፈች። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ የሰብሌን ሁለት ወረቀቶች ተርጉማ አያያዘች፤ ከሳዲቅም ዋጋውን የሚያረጋግጥ፣ ሦስት ሌሎች ነጋዴዎች የፈረሙበት ወረቀት አስመጣች። ሳዲቅ ሲፈርሙ፣ «እኔ የተከፈለኝን ብር ልመልስላችሁ ብል፣ እህሉን የገዛሁባቸው ሰዎች አይመልሱልኝም» አሉ። ማንም መልሱ አላላቸውም ነበር። ነገሩ ሲያሳስባቸው እንደ ሰነበተ ከፊታቸው ታወቃት።

የይግባኙ መልስ ሦስት መስመር ነው። ጉዳዩ በድጋሚ ታይቷል፤ አዲስ ፍሬ ነገር አልተገኘም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። በዚያው ቀን ምስክር ደውሎ ነበር። ስለ ጤናዋ ጠየቃትና ዘጋ።

በጥር ወር የኔአለም ነገሩን ለሰብሌ በአፏ ልትነግራት ወደ ሾላ ሜዳ ወረደች። ሰብሌ ጓሮ ያለው የማብሰያ ቤት በር ላይ ቆማ ሰማቻት። ውስጥ ሁለት ሴቶች ምሳ ሲሠሩ ነበር።

«እስከ መቼ ይበቃል?» አለች ሰብሌ።

«የዘበኛውና የማብሰያ ሠራተኞቹ ደመወዝ ከተከፈለ፣ ምግቡ እስከ የካቲት አጋማሽ።»

«ከዚያስ?»

«የራሳቸውን ስንቅ ይዘው የሚመጡ ከሆነ ቤቱ አለ።»

«የራሱ ስንቅ ያለውማ ሰው እዚህ የት አለ...» ብላ ሰብሌ ተወችው። ቆየት ብላ፣ «ያንን ሥልጠና ተደርጓል ብትሉ ኖሮ ያልፍ ነበር ይላሉ ኤክስቴንሽኖቹ» አለች።

«ያልፍ ነበር መሰለኝ።»

ሰብሌ አልወቀሰቻትም። የኔአለም ግን ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች። ብትወቅሳት መልስ ነበራት፤ ዳገቱን ስትወጣ ያን መልስ ለራሷ ስትናገር ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ እሷንም ራሷን አላሳምን አላት።

የማቆያው ማብሰያ በየካቲት ሃያ ተዘጋ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጀት እንደሚፈልግለት ተናግሮ ነበር፤ እስካሁን እየፈለገ ነው። ሾላ ሜዳ ያሉ ጥቂት ቤቶች በተራ አንዳንድ ሴት ያሳድራሉ፤ አንዱ ቤት ከሦስት ቀን በላይ አይችልም። «አለኝታ» ቢሮውን ወደ አንድ ክፍል አሳነሰ። አቶ አድማሴ ያለ ደመወዝ ይመጣሉ። የኔአለም በግማሽ ደመወዝ ቀርታ ለሌሎች ለጋሾች ማመልከቻ ትጽፋለች። አልታዬ ከጂዳ ደውላ ወደዚያ እንድትመጣ ለመነቻት፤ የኔአለም ገና መልስ አልሰጠቻትም።

በየማመልከቻው በጀት ላይ አሁን የምግቡን መግለጫ «ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ለአስታማሚዎቻቸው» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ ለጋሾች ርዕሱ በጣም ሰፊ ነው፣ አጥብቡት ብለው መልሰውላታል።

ሰብሌ አንዳንድ ጊዜ ሥራ ሲያበቃ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ማዶ ሁለት ሴቶች መጥተው ምግብ እንደሌለ ሲሰሙ ተመልሰዋል። አንደኛዋ ዘጠነኛ ወሯ ነው። የኔአለም የሴትዮዋን ስምና ቀበሌ ጠየቀቻትና ከአርባ አንዱ ስም ቀጥላ በደብተሯ ጻፈችው፤ ለምን እንደምትጽፈው ሰብሌ አልጠየቀቻትም።